«ቀብዱ ይመለሳል?» ገዢ ሲጠይቅና ሻጭ ሲጠይቅ

«ለቤት ቀብድ ከፍዬ ነበር። አሁን ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ገንዘቤ ይመለስልኛል?»

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለመግዛት የሞከረ ሰው ይህን ጥያቄ ሳይጠይቅ ወይም ሳይጠየቅ አይቀርም። መልስ የሚሰጥም አይጠፋም። ደላላው «ቀብድ አይመለስም» ይላል። ጎረቤት «እኔማ እጥፉን ነው የተቀበልኩት» ይላል። ዘመድ ደግሞ «ውልና ማስረጃ ካልሄዳችሁ ወረቀቱ ዋጋ የለውም፣ የሰጠኸውን ብቻ ተቀበል» ይላል። ሦስቱም ያሉት ልክ ሊሆን ይችላል። አንዱ ገዢ ሆኖ ትቶ ነው፣ ሌላው ሻጭ ትቶበት ነው፣ ሦስተኛው ደግሞ የሚያወራው ስለ ሌላ ዓይነት ወረቀት ነው።

ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ጥያቄው ይበልጥ በርትቷል። ቀብድ በተከፈለበት ቀንና ስም በሚዛወርበት ቀን መካከል ሳምንታት ያልፋሉ። በዚያ መሀል ዋጋ ሲንቀሳቀስ አንዱ ወገን ይቆጨዋል። የቆጨው ሰው ደግሞ መውጫ ይፈልጋል።

መነሻው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ስለ ቀብድ የሚናገሩት ከቁጥር 1883 እስከ 1885 ያሉት አጫጭር ድንጋጌዎች ናቸው። የመጀመሪያው ቀብድ መስጠት ውል መደረጉን ያስረዳል ይላል። ሁለተኛው ውሉ ከተፈጸመ ቀብዱ ይመለሳል ወይም ከሚከፈለው ላይ ይቀነሳል ይላል። ሰው ሁሉ የሚጣላበት ሦስተኛው፣ 1885 ነው። ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠው ወገን ቀብዱን ለቆ ውሉን ማፍረስ ይችላል። የተቀበለው ወገን ደግሞ እጥፉን መልሶ ማፍረስ ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር አለ። 1885 የሚቀጣ ድንጋጌ ብቻ አይደለም፤ የመውጫ መብትም ይሰጣል። ሕጉ «ማፍረስ ይችላል» ነው የሚለው። ዋጋውን ከከፈለ ሌላው ወገን «የለም፣ ውሉን ትፈጽማለህ» ሊለው አይችልም። ስለዚህ ቀብድ ለሁለቱም ወገን የተከፈተ በር ነው፣ የበሩ ዋጋ ደግሞ አስቀድሞ ታውቋል።

በቁጥር እንየው። አንድ ቤት በ12 ሚሊዮን ብር ሊሸጥ ተስማሙ እንበል። ገዢው 600,000 ብር ቀብድ ሰጠ። ወረቀቱ «በ30 ቀን ውስጥ ውልና ማስረጃ ቀርበን እንፈራረማለን» ይላል። በ20ኛው ቀን ሌላ ሰው መጥቶ ለሻጩ 13 ሚሊዮን ተኩል አቀረበለት።

ሻጩ «ልተወው?» ብሎ ቢጠይቅ ሒሳቡ ይህን ይመስላል። እጥፉ 1,200,000 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ 600,000ው የገዢው የራሱ ገንዘብ ስለሆነ ከሻጩ ኪስ የሚወጣው 600,000 ብቻ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። እጥፍ ማለት ቀብዱን ጨምሮ ሁለት ጊዜ ነው እንጂ ቀብዱ ተመልሶ ሌላ እጥፍ የሚጨመርበት አይደለም። ከሁለተኛው ገዢ 1,500,000 ተጨማሪ ስለሚያገኝ፣ ከፍሎም 900,000 ብር ይተርፈዋል። ስለዚህ ወረቀቱ የቀብድ ወረቀት ብቻ ከሆነ ሻጩን የሚያቆመው ነገር የለም። የመጀመሪያው ገዢ 600,000 አትርፎ ቤቱን ያጣል። ያ ገንዘብ በጨመረው ገበያ ተመሳሳይ ቤት ላይገዛለት ይችላል።

ገዢው «ልተወው?» ብሎ ቢጠይቅስ? 600,000ውን ይለቃል፣ ነገሩ በዚያው ያበቃል። ሻጩ «ሌላ ገዢ አስቀርተህብኛል» ብሎ ተጨማሪ ኪሳራ ልጠይቅህ ቢለው፣ ገዢው «ሕጉ ራሱ በቀብዴ እንድወጣ ፈቅዶልኛል» ብሎ ይመልሳል። እንግዲህ ለመውጣት ለሚፈልግ ሰው የቀብድ ወረቀት ጥሩ ነው። ቤቱን ለሚፈልግ ገዢ፣ ወይም ሽያጩ እንዲያልቅለት ለሚፈልግ ሻጭ ግን ደካማ ወረቀት ነው።

ችግሩ ንጹህ የቀብድ ወረቀት ብዙም አለመገኘቱ ነው። ደላላ ቤት ውስጥ የሚጻፉትን ወረቀቶች ያየ ሰው አጻጻፋቸውን ያውቀዋል። ከላይ «ቀብድ ብር 600,000 ተቀብያለሁ» ይላል። ከታች ደግሞ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ የሚመስል አንቀጽ አለ። «ይህን ውል ያፈረሰ ወገን ለውል አክባሪው ይህን ያህል ብር፣ ለመንግሥት ይህን ያህል ብር ገደብ ከፍሎ ውሉ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 እና 2005 መሠረት በሕግ ፊት የጸና ይሆናል።» ከዚያ የሦስት ምስክሮች ስምና ፊርማ ይከተላል።

ይህን ዓረፍተ ነገር ቀስ ብለው ያንብቡት። «ገደብ ከፍሎ ውሉ የጸና ይሆናል» ነው የሚለው። ገደብ የከፈለው ሰው ከውሉ አልወጣም ማለት ነው። ከላይ ያለው ቀብድ ደግሞ ከፍለህ ውጣ ይላል። አንድ ገጽ ላይ ሁለት የማይስማሙ ነገሮች ተጽፈዋል፣ ሁለቱም ወገኖች ከታች ፈርመዋል።

በሕጉ ዓይን ገደብና ቀብድ የተለያዩ ናቸው። ገደብ ከቁጥር 1889 ጀምሮ የተደነገገ ሲሆን፣ ውሉ ካልተፈጸመ የሚከፈለውን ኪሳራ ተዋዋዮቹ አስቀድመው የሚወስኑበት ነው። ገደብ መኖሩ ውል አፍራሹን ነጻ አያወጣውም። የተበደለው ወገን ገደቡን ትቶ «ውሉ ይፈጸምልኝ» ማለት ይችላል። በመርህ ደረጃ ግን ገደቡንም አፈጻጸሙንም አንድ ላይ አይጠይቅም፤ ገደቡ የተጻፈው ለመዘግየት ወይም ለተጓዳኝ ግዴታ ከሆነ ነው ሁለቱ አብረው የሚሄዱት። ገደብ ሌላም ጥቅም አለው። ገደቡን የሚጠይቅ ሰው ይህን ያህል ጉዳት ደርሶብኛል ብሎ በማስረጃ ማሳየት አይጠበቅበትም።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ወረቀቱ 600,000ውን «ቅድመ ክፍያ» ብሎት፣ ገደቡን ደግሞ የዋጋውን 10 በመቶ፣ ማለትም 1,200,000 ብር ቢያደርገው ኖሮ የሻጩ ሒሳብ ይቀየር ነበር። ከኪሱ የሚወጣው 1,200,000 ነው፣ ከጭማሪው የሚተርፈው 300,000 ብቻ ይሆናል። ከዚህም የሚበልጠው፣ ምርጫው ከእጁ ይወጣል። ገዢው «ገደብህን አልፈልግም፣ ቤቱን አስረክበኝ» ብሎ መክሰስ ይችላል። ዋጋው ያው፣ የተከፈለው ገንዘብ ያው፣ ቤቱም ያው ነው። የተለወጠው የወረቀቱ ቃል ብቻ ነው።

ገዢው ቢተወውስ? ቅድመ ክፍያ እንደ ቀብድ በራሱ የሚወረስ ገንዘብ አይደለም። የዋጋው አካል ነው። ውሉ ከተሰረዘ ወደ ከፋዩ ይመለሳል፤ ነገር ግን ገዢው ራሱ አፍራሽ ስለሆነ ሻጩ ገደቡን ወይም ኪሳራውን ይጠይቀዋል። በእኛ ምሳሌ ገደቡ 1,200,000 ስለሆነ ገዢው ያስገባው 600,000 እንኳ አይበቃም። ስለዚህ «ቅድመ ክፍያ ነው እንጂ ቀብድ አይደለም» ብሎ መከራከር ለገዢ ሁልጊዜ ይጠቅማል ብሎ የሚያስብ ሰው ይሳሳታል። ቤቱን ከፈለገ ይጠቅመዋል። መውጣት ከፈለገና ከታች ትልቅ ገደብ ካለ ግን ቀብድ በሆነልኝ ብሎ የሚመኘው እሱ ነው።

ሁለቱም ቃል በአንድ ወረቀት ላይ ሲገኝ ምን ይደረጋል? ሕጉ ግልጽ የሆነ የውል ቃል በትርጉም ሰበብ አይለወጥም ይላል። ግልጽ ካልሆነ ደግሞ የሁለቱ ወገኖች የጋራ ሐሳብ ይፈለጋል። ውሉን የጸና ነው ማለት የሚፈልግ ወገን የታችኛውን አንቀጽ ይዞ «1885 ራሱ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ ይላል፣ ይኸው ስምምነቱ» ይላል። መውጣት የሚፈልገው የላይኛውን ቃል ይዞ «ቀብድ ብለን ጽፈናል፣ የታችኛው ልማድ ነው» ይላል። በእኔ እይታ የመጀመሪያው ክርክር ይበረታል፣ ምክንያቱም ሕጉ ለስምምነት ቦታ ትቷል፣ ስምምነቱም ተጽፏል። ሆኖም ዳኛው ፊት እስኪቀርብ ማንም እርግጠኛ መሆን የማይችልበት ወረቀት ነው። ለ12 ሚሊዮን ብር ጉዳይ ይህ በጣም ያሳዝናል።

አሁን ወደ ዘመድየው ምክር እንምጣ፤ «ውልና ማስረጃ ካልሄደ ዋጋ የለውም» ወዳለው። ይህ ምክር ከሜዳ የመጣ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። ሕዝቡ ውልና ማስረጃ የሚለው መሥሪያ ቤት ዛሬ የሚሠራው ይህንን ነው። 1720 ደግሞ ሕጉ ያዘዘው ፎርም ካልተሟላ ውል የለም፣ ያለው ረቂቅ ብቻ ነው ይላል። ስለዚህ ደላላ ቤት የተፈረመው ወረቀት «በቁጥር 1731 መሠረት የጸና ነው» ብሎ ስለ ራሱ መመስከሩ የምዝገባውን ጉድለት አይሞላውም።

ይህ ነጥብ ለማን ይጠቅማል? ለገዢ ወይም ለሻጭ ተብሎ አይመለስም። የሚጠቅመው መውጣት ለሚፈልገው ነው። በምሳሌያችን ሻጩ «ውል የለም፣ ረቂቅ ነው» ካለና ተቀባይነት ካገኘ 1,200,000 አይከፍልም፤ የተቀበለውን 600,000 ብቻ ይመልሳል። ገዢው መውጣት ቢፈልግና ይህንኑ ክርክር ቢያነሳ ደግሞ ቀብዱን ሳይለቅ ሙሉውን ሊያስመልስ ይሞክራል። ያው አንቀጽ ትናንት የጎዳውን ሰው ዛሬ ሊጠቅመው ይችላል።

ነገር ግን በዚህ ክርክር ላይ ብቻ ተማምኖ መቀመጥ አደገኛ ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ1723 ላይ አንድ አቋም ይዞ አልቆየም። በመዝገብ ቁጥር 21448 የምዝገባውን መስፈርት ጥብቅ አድርጎ ተርጉሞት ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ሻጩ ውሉን ማድረጉን ባልካደባቸው ጉዳዮች ላይ የተለየ አቋም ወስዷል። የሰበር ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ስለሚያስገድድ ይህ ለውጥ ትንሽ ነገር አይደለም። ለዚህም ነው ጠበቆች ደንበኛቸውን «ለመሆኑ ወረቀቱን ፈርመሃል? ገንዘቡ በባንክ ነው የገባው? ቁልፍ ተሰጥቷል?» እያሉ የሚጠይቁት። ምዝገባ ባይኖርም ሌላው ወገን ውሉን መካድ ይችላል አይችልም የሚለው መልሱን ሊወስን ይችላል።

እስካሁን ያወራነው ስለ ሁለት ሰዎች ነው። አንዳንዴ ጥያቄውን የምታነሳው ሦስተኛ ሰው ናት፤ የሻጩ ሚስት። አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ በሚሠራው በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ቁጥር 68 መሠረት የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት የሚሸጠው በሁለቱ ተጋቢዎች ስምምነት ነው። ባልየው ብቻውን ፈርሞ ቀብድ ከተቀበለ፣ እሷ ውሉ እንዲፈርስላት ፍርድ ቤት መጠየቅ ትችላለች። ጊዜው ግን ገደብ አለው። ማወቋን ተከትሎ በ6 ወር ውስጥ፣ ቢዘገይ ደግሞ ግዴታው ከተገባ በ2 ዓመት ውስጥ መሆን አለበት። ለእሷ ቀብድ ነው ወይስ ቅድመ ክፍያ የሚለው ክርክር ምንም ማለት አይደለም። ገዢ የሆነ ሰው ግን ከዚህ የሚወስደው ነገር አለ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ፣ ካርታው በአንድ ሰው ስም ቢሆን እንኳ፣ የቀብዱ ወረቀት ላይ የሁለቱንም ፊርማ ይጠይቅ። «እሷ ውልና ማስረጃ ቀን ትመጣለች» የሚል መልስ ከተሰጠው ገንዘቡን ይያዝ።

ከውጭ ሆነው የሚገዙና የሚሸጡ ወገኖችም ሌላ ጥያቄ አለባቸው። ዋሽንግተን ያለች እህት ቤቷን ወንድሟ እንዲሸጥላት ውክልና ሰጥታዋለች እንበል። ውክልናው ጠቅላላ ብቻ ከሆነ የአስተዳደር ሥራ ያሠራል እንጂ ቤት አያሸጥም። ቤት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ገዢው ቀብድ ከመቁጠሩ በፊት የሚያነበው የመጀመሪያ ሰነድ ይህ መሆን አለበት። እሷ ደግሞ «ወንድሜ የፈረመው ይጠይቀኛል?» ብላ ስትጠይቅ መልሱ ያለው በዚያው የውክልና ወረቀት ላይ ነው።

የስምምነቱ ዓይነት ሲቀየርም ቀብድ የሚለው ቃል ሌላ ትርጉም ይዞ ይመጣል። ለመኪና የተከፈለ ቀብድ ከሆነ 1885 እንዳለ ይሠራል፣ 1723 ግን የማይንቀሳቀስ ንብረትን ብቻ ስለሚመለከት በእሱ ላይ ተደግፎ «አልተመዘገበም» ብሎ መውጣት አይቻልም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ከሆነ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 አከራይ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ አይችልም። ስድስት ወር «ቀብድ» የተጠየቀ ተከራይ የሚከራከረው በ1885 አይደለም፣ በዚህ አዋጅ ነው።

እንግዲህ ገና ያልፈረመ ሰው ምን ይጻፍ? ቤቱን የሚፈልግ ገዢ «ቀብድ» የሚለውን ቃል ጨርሶ ከወረቀቱ ቢያወጣው ይሻለዋል። በምትኩ «የተከፈለው ብር 600,000 የሽያጩ ዋጋ አካል የሆነ ቅድመ ክፍያ ነው፣ ማንኛውም ወገን ውሉን እንዲያፈርስ መብት አይሰጥም» ብሎ ያስጽፍ። የባንክ ብድር የሚጠብቅ ገዢ ግን ይህን ቃል ጽፎ ቢፈርም ራሱን ያስራል። እሱ ቀብድ ይበጀዋል፤ ከዚያም በላይ «ብድሩ እስከዚህ ቀን ካልተፈቀደ የተከፈለው ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል» የሚል ሁኔታ ያስገባ። እንዲህ ያለ ቃል ካልተጻፈ ባንክ መከልከሉ የገዢው የራሱ ጣጣ ነው፣ ቀብዱም ይቀራል። ሻጭ ደግሞ በተራው ካርታው ላይ እዳና እገዳ እንዳለ እያወቀ አጭር ቀን መቁረጥ የለበትም። ቀኑ በእሱ ጉድለት ካለፈ አፍራሹ እሱ ይሆናል።

ፈርሞ የጨረሰና ሻጩ ስልክ ማንሳት ያቆመበት ገዢ ግን ስለ ቃላት የሚጨነቅበት ጊዜ የለውም። በመጀመሪያ ገንዘቡን ወይስ ቤቱን እንደሚፈልግ ይወስን፤ ለሁለቱ የሚሄድበት መንገድ አንድ አይደለም። ከዚያ በቁጥር 1772 መሠረት «ግዴታህን ፈጽም» የሚል ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይስጠው፣ መቀበሉን የሚያሳይ ማስረጃም ይያዝ። አንዳንድ ጉዳይ ላይ ማስጠንቀቂያ ባያስፈልግም መስጠቱ የሚያስከፍለው ነገር የለም። ገንዘቡን ብቻ የሚፈልግ ከሆነ እዚህ ላይ ቀዝቀዝ ብሎ መደራደር ይችላል።

ቤቱን የሚፈልግ ከሆነ ግን ከክሱ ጋር አብሮ ስም እንዳይዛወር የእግድ ትእዛዝ ይጠይቅ። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በመዝገብ ላይ ካልሰፈረ በሦስተኛ ወገን ላይ ውጤት የለውም፤ ቁጥር 2878 የሚለው ይህንን ነው። ሁለተኛው ገዢ ቀድሞ ውልና ማስረጃ ከፈረመና ስሙን ካዛወረ፣ የመጀመሪያው ገዢ የቱንም ያህል ጥሩ ወረቀት ቢይዝ የሚቀረው ከሻጩ ጋር የገንዘብ ክርክር ነው። 13 ሚሊዮን ተኩል ይዞ የመጣው ሰው ደግሞ ስሙን ለማዛወር የሚዘገይበት ምክንያት የለውም።